አልቅሶ የሞተ ልጅ

እኔ በምሠራበት ቢሮ «አማካይ የዕድሜ ጣሪያ» የሚባል ነገር ነበረ። ቃሉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ጣሪያ ሲባል ሰው ከዚያ በላይ የማይኖር ይመስላል። የቢሮአችን ጥበቃ የነበሩት ሽማግሌ አንድ ቀን በኮሪደሩ የለጠፍነውን ሰንጠረዥ ቆመው ሲያነቡ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ይሄን ቁጥር ካለፍኩ ቆየሁ። ጣሪያውን ቀድጄ ወጣሁ ማለት ነው?» አሉኝ።

ሳቅኩና አስረዳኋቸው። ጣሪያ አይደለም አልኳቸው፤ ዘንድሮ የተወለደ ሕፃን ዕድሜውን ሙሉ በየደረጃው ዘንድሮ ሰው በሚሞትበት ልክ የመሞት ዕድል ቢኖረው፣ በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል የሚል ስሌት ነው። ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትቱት በብዛት ሕፃናት ናቸው። ሰማንያ የሞላው ሰው ሲሞት ስሌቱ እምብዛም አይነቃነቅም። የሦስት ቀን ጨቅላ ሲሞት ግን ሊኖረው የሚችለው ዕድሜ ሁሉ አብሮት ይቀበራል።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እና የሦስት ቀኑን ማን ነገራችሁ?» አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበረ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲያንገበግበኝ የኖረውም እሱ ነው።

ልደትና ሞት በወጉ በሚመዘገብበት አገር ሥራው ቀላል ነው። ስንት ተወለደ፣ ስንት በስንት ዓመቱ ሞተ፤ መዝገቡን ከፍቶ ማስላት ነው። በእኛ አካባቢ በዚያ ዘመን ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚባለው ገና ስሙ መሰማት የጀመረበት ጊዜ ነበረ። የልደት ወረቀት የሚያወጣው ፓስፖርት የሚፈልግ የከተማ ሰው ነው። በገጠሩ ቤት ውስጥ ተወልዶ፣ ቤት ውስጥ ሞቶ፣ ከእንሰቱ ጀርባ የተቀበረ ልጅ ለማንም አይነገርም። ሐኪም አላየውም፤ ቀበሌ አያውቀውም። በዚህ ዓለም ላይ ስለሱ የሚመሰክር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የወለደችው።

ስለዚህ ወደ እሷ እንሄዳለን። በየወረዳው የተወሰኑ መንደሮችን በዕጣ እንመርጣለን፤ በተመረጠው ቤት ያለችውን በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ እንጠይቃለን። አብረውሽ የሚኖሩ ስንት ወንድና ስንት ሴት ልጆች አሉሽ? ሌላ ቦታ የሚኖሩስ? በሕይወት ተወልደው የሞቱብሽስ? ከዚያ እናቶቹን በዕድሜ እንከፍላቸዋለን። ከሃያ እስከ ሃያ አራት ያሉት ከወለዷቸው ውስጥ የሞቱት ድርሻ፣ ሴቶቹ መውለድ የሚጀምሩበት ዕድሜ ታይቶ ትንሽ ከተስተካከለ በኋላ፣ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉን ይናገራል። ከሠላሳ እስከ ሠላሳ አራት ያሉት ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉን። መልሱ የዘንድሮ አይደለም፤ የትልልቆቹ እናቶች ወሬ ወደኋላ ብዙ ዓመት ይርቃል። ቢሆንም ምንም ከሌለበት አገር ይህን ያህል ማግኘት ተአምር ነው። ዩኒቨርሲቲ ስማረው ዕንባዬ መጥቶ ነበረ፤ እናት ጠይቆ አገር ማወቅ!

የዕድሜ ጣሪያውንም ከዚሁ ነው የምናወጣው። የአዋቂውን ሞት ለማወቅ ሴቶቹን ስለ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው እንጠይቃለን፤ የእኛ ናሙና ግን ለዚያ አይበቃም፤ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ የሕፃናቱን ሞት ይዘን፣ ጥሩ መዝገብ ከነበራቸው አገሮች ሞት ተጠንቶ የተሠራ ሞዴል ሰንጠረዥ ውስጥ እንገባለን። ከእኛ የሕፃናት ሞት ጋር የሚገጥመውን ረድፍ እናገኛለን። ከረድፉ ጫፍ ላይ የዕድሜ ጣሪያው ተጽፏል፤ እሱን እንወስዳለን። እንግዲህ አስቡት፤ የእኛ አዋቂዎች የሚሞቱት እንደ ሌላ አገር ሰው ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እናቲቱ ስለ ጨቅላዋ በተናገረችው ላይ ነው። እሷ አንድ ልጅ ከደበቀች፣ የሕፃናቱ ሞት ይቀንሳል፤ የሕፃናቱ ሞት ሲቀንስ የሁላችንም ዕድሜ ይረዝማል።

ቢሮው ያን ጥናት ሲጀምር መረጃ ሰብሳቢዎቹን የማሠልጥነው እኔ ነበርኩ። ወላጆቼ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ወደ ሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት። ሲዳምኛ ገበያ ላይ የሚያኗኑር ያህል አውቃለሁ፤ ሴት ስለሞተ ልጇ ለማናገር ግን አይበቃኝም። ስለዚህ ከየአካባቢው ቋንቋውን የሚችሉ ሴቶችን ቀጠርን። ከመጡት ውስጥ አንዷ አስተማሪ የነበረች፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ የሲዳማ ሴት ነበረች። ሁላችንም መምህርት እንላት ነበረ። ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ የማይመስላትን ነገር በዝምታ የማታልፍ ሰው ናት። ትምህርት ቤቱንም የለቀቀችው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጣልታ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ራሷ ነገረችን።

ሥልጠናው ላይ የመጠይቁን ዋና ጥያቄ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ሲወለድ አልቅሶ ወይም ሌላ የሕይወት ምልክት አሳይቶ፣ ነገር ግን ጥቂት ሰዓት ወይም ቀን ብቻ ኖሮ የሞተ ልጅ ነበረሽ?»

መምህርት እጇን አወጣች። «ይህን እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽ ማንም አይመልስልሽም» አለች። «የሞተ ልጅ አለሽ ወይ ስትያት፣ ስም የወጣለትን፣ በእግሩ ድክ ድክ ያለውን ልጅ ነው የምታስበው። ያ ሌላው ለእሷ ልጅ አይደለም፤ አልሆነም ነው የምትለው።»

«እና ምን እናድርግ?»

«እንቀመጥ። በሩጫ አይደለም። አማቷን እናስወጣ። በመጀመሪያው ልጅና በሁለተኛው መካከል አራት ዓመት ካለ፣ በዚህ መሃል ምን ሆነሽ ነበር እንበላት።»

ትክክል ነበረች፤ መመሪያውም ይህንኑ ይላል፤ በልጆች መካከል ሰፊ ክፍተት ሲኖር ጠይቁ ይላል። ችግሩ መመሪያውን የሚከተል መጥፋቱ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ጥያቄውን በእናቴ ላይ ሞከርኩት። ባህል አዳራሽ አካባቢ ነበረ የምንኖረው፤ አባቴ ካረፈ በኋላ እማዬ ከእኔ ጋር ነበረች። ምስር እየለቀመች ነበረ። እኛ አምስት ልጆች ነን፤ ሁላችንም በሕይወት አለን። በቀልድ ዓይነት አነሳሁትና፣ መጀመሪያ ያለነውን ቆጠርኩ፤ ከዚያ በታላቅ ወንድሜና በእኔ መካከል ያለውን ክፍተት ጠየቅኳት።

እማዬ ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም። «ሴት ነበረች» አለች። «ሳትጠመቅ ሄደች። አባትሽ በነጠላ ጠቅልሎ ወሰዳት። የት እንዳደረጋት አልጠየቅኩትም።»

በሕይወቴ ሙሉ ያልሰማሁት ነገር ነበረ።

«ለቅሶ አልተቀመጣችሁም?»

«ለማን ይለቀሳል? ሰው አላያትም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ተቆጥታ ነበረ። «የጠየቅሽኝ ለመንግሥት ነው ወይስ ለራስሽ?»

ሰፌዱ ዳር ተቀምጬ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ። እሷም ሌላ ጊዜ አላነሳችውም።

መስክ ስንወጣ እኔ የቡድኖች ተቆጣጣሪ ሆኜ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እዞር ነበረ። መምህርት የተመደበችው ከቡሹሎ ወዲያ ባሉ መንደሮች ነው። ደንቡ ተቆጣጣሪ አንዳንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጣ እንድታዳምጥ ይላል፤ ስለዚህ አንድ ረፋድ ላይ አብሬያት ገባሁ።

ቤቱ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ያገኘናት ሴት በጣም ወጣት ናት፤ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። አንድ ልጅ አዝላለች፤ ሌላው በር ላይ አፈር ይጫወታል። አማቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበረ። መምህርት ለአማትየው በአክብሮት እንደምን አደሩ ብላ፣ ቤተሰብ ጠይቃ፣ ስለ ቡናው ስለ እንሰቱ አውርታ፣ «እማማ፣ ይህን ልጅ ትንሽ ያጫውቱልን፤ ይረብሸናል» ብላ ከልጁ ጋር ወደ ውጭ ሸኘቻቸው። እንዴት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሴትየዋ የተባረሩ ሳይሆን የተለመኑ ነው የመሰላቸው።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በሲዳምኛ የምትለውን በግማሽ ነው የምሰማው፤ የቀረውን በኋላ ነገረችኝ። «የምትነግሪኝ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። ስምሽ አይጠራም። ባልሽ አይሰማም፤ ቀበሌ አይሰማም» አለቻት፤ ይህን ለሁሉም እንድንል ታዘን ነበረ። ያሉትን ልጆች ጠየቀች። ሞቶብሽ ያውቃል አለቻት። ሴቲቱ «የለም» አለች። መምህርት ጻፈችና ቆየች። ከዚያ ስለ ታላቁ ልጅ አጠባብ፣ መቼ ጡት እንደጣለ፣ ታናሹ እስኪመጣ ስለቆየው ጊዜ ታወራላት ጀመር። ሴቲቱ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ያዘለችውን አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሩን እየደባበሰች ማውራት ጀመረች። ወንድ ነበረ። ሌሊት ነው የተወለደው፣ እዚሁ ቤት። አልቅሷል። ጡት መያዝ ግን አልቻለም፤ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ነበረ። በነጋታው አለፈ።

መምህርት እጇን ያዘቻት። መጠይቁ ላይ የጻፈችው ከወጣን በኋላ ነው፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ።

«ጤና ጣቢያ ለምን እንዳልሄደች ጠየቅሻት?» አልኳት።

«መጠይቁ ላይ የለም። ብጠይቃትም ጥፋተኛ ነሽ ያልኳት ይመስላታል። ቀበሌያቸው ቤት መውለድ ቀርቷል ብሎ ባንዲራ ተሰቅሎለታል እኮ።»

እውነት ነበረ። ያን ሰሞን ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ የሆኑ ቀበሌዎች በስብሰባ ላይ ይሸለሙ ነበረ። ያ ቀበሌም ከተሸለሙት አንዱ ነው። ቤት የወለደች ሴት በልማት ቡድኗ ፊት ትወቀሳለች፤ ትቀጣለችም ይባላል። ስለዚህ ቤት ተወልዶ የሞተ ልጅ ሁለት ጊዜ ይቀበራል፤ አንድ ጊዜ ከእንሰቱ ጀርባ፣ አንድ ጊዜ በእናቱ አፍ ውስጥ።

መረጃው ተሰብስቦ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። የመምህርት መንደሮች የሕፃናት ሞት ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ ይበልጣል። ኃላፊያችን ያን ሰንጠረዥ እንዳየ ቢሮው ጠራኝ። ጎልማሳ፣ በሥራው ታታሪ፣ በስብሰባ ላይ የሚደመጥ ሰው ነው። የሚሊኒየሙ ግብ የመጨረሻ ዓመታት ናቸው፤ የሕፃናት ሞት ይህን ያህል ቀነሰ የሚል ሪፖርት ከላይ ይጠበቃል።

«ይቺ ልጅ ፈጥራ ነው የሞላችው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ፈጥራ ብትሞላ ሥራ ነው የሚበዛባት» አልኩት። «መጠይቁ ላይ አንድ የሞተ ልጅ ሲጨመር ስንት ጥያቄ እንደሚከተል እርስዎ ያውቃሉ፤ መቼ ተወለደ፣ በስንት ቀኑ ሞተ፣ የት ሞተ። ውሸታም ጠያቂ ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቸኩሎ የሞላ ሰው የለም የሚለውን ነው የሚጽፈው።»

«ታዲያ ሞት የሚመርጠው የእሷን መንደር ብቻ ነው?»

የሌሎቹን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። በሌሎቹ ቡድኖች መረጃ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ሕፃን የለም ማለት ይቻላል። ሕፃናት በሚሞቱበት ቦታ ሁሉ ግን፣ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት አብዛኞቹ የሚያልፉት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ደግሞ በዕድሜ የገፉ እናቶች ብዙ ወልደዋል፤ የወለዱትም ለሞት የተጋለጠበት ጊዜ ረዝሟል፤ ስለዚህ የሞተባቸው ድርሻ ከወጣቶቹ መብለጥ አለበት። በሌሎቹ መረጃ ግን አርባ አምስት ያለፋት እናት ከሠላሳ ዓመቷ እናት ያነሰ ሞቶባታል። ይህ የሚሆነው አንድም ረስተው ነው፣ አንድም ሳይጠየቁ ቀርተው ነው።

«የተበላሸው የእሷ አይደለም» አልኩት። «የሌሎቹ ነው። የጎደሉት እዚያ ነው ያሉት።»

ረዥም ጊዜ ወረቀቱን አየ። የገባው ይመስለኛል። ሞኝ ሰው አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። «እንግዲያው በድጋሚ ይጠየቅ» አለ።

ተስማማሁ። ድጋሚ መጠየቅ ትክክለኛ አሠራር ነው። ሌላ ልምድ ያላት ሴት ጠያቂ፣ ለብቻዋ፣ በየቤቱ ሄዳ ጥቂቶቹን መልሳ ትጠይቅ አልኩ። እሺ አለኝ። በቀጠሮው ቀን ግን መኪናው ውስጥ ያገኘኋቸው ኃላፊው ራሱ፣ ከወረዳ የመጣ አንድ ሰው፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ናቸው። መምህርትም እንድትመጣ ተነግሯት ከኋላ ተቀምጣለች። መንደሩ ስንደርስ ወደ ቤቶቹ አልሄድንም። ሴቶቹ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው ነው የጠበቁን። ስማቸውን ከመጠይቁ ላይ አውጥቶ ለሊቀመንበሩ የላከው ቢሮአችን ነው።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ሴቶቹን አንድ በአንድ ያስገባ ጀመር። ያቺ ወጣት እናት ስትገባ ባሏ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበረ። ያን ሕፃን ልጇን አዝላለች።

ሊቀመንበሩ በአማርኛ ጀመረ፤ ለእኛ ሲል። «አንቺ፣ ቤት ውስጥ ወልጄ ልጅ ሞቶብኛል ብለሻል ወይ?»

ከዚያ በሲዳምኛ ደገመላት። ዓይኗ ክፍሉን ዞረና መምህርት ላይ አረፈ። መምህርት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እንዲህ ያለ አስተያየት ዳግመኛ አላየሁም። ቁጣ አይደለም፤ ሰው ያመነበት በር ሲዘጋበት ያለ ነው።

«የለም» አለች ሴቲቱ።

«ለዚች ሴትዮ ሞቶብኛል አላልሻትም?»

«አላልኩም። ልጆቼ ሁለት ናቸው።»

«በቃ!» ብዬ ተነሳሁ። «ይህ ቃለ መጠይቅ አይደለም። እንዲህ ተደርጎ አይጠየቅም። በምስጢር እንይዛለን ብለን ቃል ገብተናል።»

ኃላፊው በለሆሳስ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «ተቀመጪ፤ በኋላ እናወራለን» አለኝ። አልተቀመጥኩም፤ ወጣሁ። ውጭ ሆኜ ግን ሌሎቹ ሴቶች በየተራ ሲገቡ፣ ከውስጥ ያው አንድ ቃል ደጋግሞ ሲወጣ እሰማ ነበረ። የለም። የለም። የለም።

ከተማ ስንደርስ መምህርት ጉዱማሌ አጠገብ አውርዱኝ አለች፤ ቤቷ እዚያ አይደለም። አብሬያት ወረድኩ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚከበርበት ሜዳ ያን ዕለት ባዶ ነው፤ ዳሩ ላይ ቆምን።

«ከሥራ ቢያባርሩኝ ግድ የለኝም» አለች። «ከትምህርት ቤትም ወጥቻለሁ፤ አልሞትኩም። ግን እነዚያ ሴቶች ለቀበሌ የተናገርኩባቸው ይመስላቸዋል። ዛሬ ማታ ባሏ ምን እንደሚላት እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ በእጄ ይዤ ነው ያስለቀስኳት። ዝም ብዬ የለም ብዬ ብሄድ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።»

ጥፋቱ የአንቺ አይደለም አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለማለት ይቀላል።

የእሷ መንደሮች መረጃ «ተዓማኒነት የጎደለው» ተብሎ ከስሌቱ ወጣ። ለቢሮው የበላይ ኃላፊ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የጎደሉትን የመጀመሪያ ሳምንት ሞቶች፣ የእናቶቹን ዕድሜ፣ የድጋሚ ጥያቄውን አካሄድ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። መልስ አልመጣም። የመጣው ዝውውር ነው፤ ወደ ሥልጠናና ድጋፍ ክፍል። መምህርት ደግሞ ሁለተኛ በየትኛውም ጥናት እንዳትቀጠር ከዝርዝር ተሰረዘች።

ሪፖርቱ በትልቅ አዳራሽ ቀረበ። የሕፃናት ሞት በጣም ቀንሷል። ሞዴል ሰንጠረዡ ውስጥ በዚያው ዝቅ ባለ ቁጥር ስለተገባ የዕድሜ ጣሪያውም ወደ ላይ ዘሏል። ጭብጨባው ረዥም ነበረ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ የምናጨበጭበው እነዚያ ሴቶች የለም ስላሉ እንደሆነ ሳስብ እጄ አልተነሳም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «አመመሽ እንዴ?» አለኝ።

ቁጥር ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበረ። ግን በቀጣዩ በጀት ዓመት፣ ለጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያና ለአዋላጆች ሥልጠና የሚመጣ ድጋፍ ሲከፋፈል፣ ችግሩ የባሰበት ቦታ ይቅደም ተባለ። የትኛው ነው የባሰበት ሲባል ሪፖርቱ ተከፈተ። የሐይቁ ዳር መንደሮች የራሳቸው መረጃ ስለተጣለ በሌሎቹ አማካይ ተቆጥረው፣ በሪፖርቱ ደህና ናቸው። ከመጨረሻው ረድፍ ገቡ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ተናገርኩም። «ያለው መረጃ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መረጃ አለሽ?» አሉኝ። አልነበረኝም። የነበረውን ጥለውታል።

ከዓመታት በኋላ አገር አቀፍ ጥናት መጣ። እሱ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ አይጠይቅም፤ እናቲቱ የወለደችውን እያንዳንዱን ልጅ፣ መቼ እንደተወለደ፣ ከሞተ በስንት ቀኑ ወይም ወሩ እንደሞተ ይጠይቃል። ስለዚህ ያለፉትን ዓመታት ሞት ወደኋላ ሄዶ ማስላት ይቻላል። ለክልላችን ያለፈውን አሥር ዓመት የሚያሳየው ቁጥር፣ የእኛ ጥናት የተካሄደበትንም ዘመን የያዘ ነው፤ ከእኛ በእጅጉ ይበልጣል። ቁጥሩ ሊሳሳት የሚችልበት ወሰን የታችኛው ጫፍ እንኳ ከእኛ በላይ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቀድሞው ኃላፊያችን ሄድኩ፤ ያኔ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነበረ።

አነበበው። «የእነሱ መላ ክልሉን ነው፤ የእኛ የተመረጡ ወረዳዎችን። አይነጻጸርም» አለ።

«ከፊሉ እውነትዎን ነው» አልኩት። «ግን ልዩነቱ ይህን ያህል አይሆንም።»

«አንቺ አሁንም እዚያው ነሽ?» አለኝ፤ በሐዘኔታ ዓይነት። «እኛ እኮ አልፈነዋል።»

እነማን ናቸው ያለፉት ብዬ ልጠይቀው ፈለግኩ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ሳልጠጣው ወጣሁ።

መምህርትን ያገኘኋት ፒያሳ በከፈተችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው። ወሬውን ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበረ። ማሽኑን እያሠራች ሰማችኝ፤ ወረቀቱ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ይከመራል።

«ታዲያ ማን ሄዶ ይነግራቸዋል?» አለች። «እነዚያን ሴቶች። አልዋሻችሁም ነበር ብሎ ማን ይነግራቸዋል?»

ከማሽኑ የወደቀ አንድ ወረቀት አንስቼ ሰጠኋት።

«ያቺ ወጣት ሞታለች፤ ሰምተሻል?» አለች። «በወሊድ። ሦስተኛዋን ስትወልድ።»

ሦስተኛዋን አለች፤ ከዚያ ራሷን አርማ «አራተኛዋን» አለች። አልሰማሁም ነበረ። የደንበኛ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ሁለታችንም እናውቃለን፤ አዲሱ ጥናት የሚጠይቀው በሕይወት ያሉትን እናቶች ብቻ ነው። የሞተች እናት ቤት ማንም ገብቶ ስንት ወልዳ ነበር አይልም። ስለዚህ ያ ቀዝቃዛ ሰውነት የነበረው ልጅ፣ አልቅሶ የሄደው፣ ከአዲሱም ቁጥር ውስጥ የለም።

ከዚያ የመጣሁበትን ዋና ጉዳይ አነሳሁ። አዲስ ጥናት ሊጀመር ነው፤ ጠያቂ የሚያሠለጥን ሰው እንድፈልግ ተጠይቄያለሁ፤ የቆየው እገዳ ተረስቷል፤ ስሟን ላስገባ? አብረን እናሠልጥን፤ አሁን አሠራሩ ተሻሽሏል፤ ስም ከመጠይቁ ተነጥሎ ይቀመጣል፤ ቀበሌ አያይም።

የወጡትን ወረቀቶች አነሳች፤ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ ጫፋቸውን አስተካከለች።

«ያኔም አያይም ብላችሁኝ ነበር» አለች። «እህቴ፣ እኔ ዳግመኛ ሴት አላስለቅስም። አንቺ ሂጂ።»

ደንበኛ ገባ፤ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ። እሷ ወደ እሱ ዞረች። እኔ ተነሳሁና በጥላው በኩል ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ሥልጠናውን ሰኞ ጀመርነው፤ ያለ እሷ። ከተቀጠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ገና ያልወለዱ ነበሩ። ጥያቄውን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አንዷም እጇን አላወጣችም፤ ሁሉም አጎንብሰው ይጽፋሉ።